ወለድ ሲጨምር በእጃችን ያለው ቦንድ ለምን ይረክሳል?

«የ100,000 ብር ቦንድ አለኝ። በዓመት 10 በመቶ ይከፍለኛል፤ 5 ዓመት ይቀረዋል። የገበያው ወለድ 15 በመቶ ቢገባ እኔን ምን ይነካኛል?» (ነጋዴ፣ ደሴ ፒያሳ)

ጊዜው እስኪደርስ ከያዙት የተጻፈልዎትን ብር ይቀበላሉ። ጉዳቱ የሚታየው በመሀል ገንዘብ ቸግሮዎት ሊሸጡት ሲወጡ ነው። ገዢው አዲስ ቦንድ ገዝቶ በዓመት 15,000 ብር ማግኘት ሲችል፣ 10,000 ብቻ ለሚከፍለው ለእርስዎ ቦንድ 100,000 ብር አይሰጥም። ቀሪዎቹን ክፍያዎች በ15 በመቶ መልሰን ስናሰላ የዛሬ ዋጋው 83,200 ብር ገደማ ይሆናል። አንድ ዓመት ብቻ ቢቀረው ኖሮ ግን ዋናውና ወለዱ ተደምሮ 110,000 ብር ለ1.15 ተካፍሎ 95,650 ብር ያህል ያወጣ ነበር። ስለዚህ ለልጅ ሠርግ ወይም ለሱቅ ዕቃ በቅርቡ የሚፈልጉትን ገንዘብ ረጅም ቦንድ ውስጥ እንዳያስገቡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ።

«ወለዱ ባይነካስ? ጤፍ ብቻ ቢወደድ ቦንዱ ምን ይሆናል?» (መምህርት፣ ኮምቦልቻ)

ያኔም ይጎዳል። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ቢንር፣ የዛሬ ዓመት የሚቀበሉት 110,000 ብር የሚገዛው እህል ዛሬ በ91,700 ብር ገደማ የሚገኘውን ያህል ነው። አበዳሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን ለመጨመር ሳይወስን እንኳ ከፍ ያለ ወለድ መጠየቅ ይጀምራሉ።

«የባንክ አክሲዮን አለኝ። ወለድ ሲጨምር ባንኮች ያተርፋሉ ይባላል፤ እውነት ነው?» (የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)

በከፊል። የብድር ወለድ ቶሎ ከፍ ብሎ ለቆጣቢው የሚከፈለው ከዘገየ፣ ልዩነቱ ለባንኩ ይቀራል። ነገር ግን ባንኩ ራሱ ረጅም ቦንድ ታቅፎ ከሆነ፣ ከላይ በነጋዴው ላይ ያየነው ኪሳራ ይደርስበታል። የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የወደቀው በዚህ መንገድ ነው፤ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4.5 በመቶ በላይ ሲያደርሰው ቦንዶቹ ረከሱ፤ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ሲጠይቁም በኪሳራ ለመሸጥ ተገደደ። የእርስዎን ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ሲያገኙ ትርፉን ብቻ አይዩ፤ ስንት ቦንድ እንደያዘና መቼ እንደሚከፈለው፣ የተበላሸው ብድርም ማደጉን ይመልከቱ።

«የማዕከላዊ ባንኩ የወለድ ውሳኔ ሲነገር ገበያው አንዳንዴ የማይነቃነቀው ለምንድን ነው?» (ተማሪ፣ ደሴ)

ቀድሞ ስለተጠበቀ ነው። ዋጋን የሚያናውጠው ያልተጠበቀው ነው። በእኛ አገር ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆነውን የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ብሎ ጀምሯል፤ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው ደግሞ ሥራ የጀመረው ጥር 2017 ነው። ሻጭና ገዢ በየቀኑ በብዛት በማይገናኙበት ለጋ ገበያ፣ ዋጋው ዝም ማለቱ አክሲዮንዎ አልተነካም ማለት አይደለም፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ሊሸጡ ወጥተው ገዢ ሲያጡ ሊሆን ይችላል።