ቡና ከምሳ በፊት ወይስ ቆይቶ?

«ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ ሐኪሟ ቡናን ከምግብ አርቀሽ ጠጪ አለችኝ። ለምን? ከምሳ በኋላ ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል።»

እህቴ፣ ጥፋቱ የካፌይኑ አይደለም። ቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አንጀት ውስጥ ከሽሮውና ከምስሩ ብረት ጋር ይጣበቃሉ፤ ብረቱም ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። የሥጋ ብረት ግን ያን ያህል አይነካም።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ከምግብ 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ብረቱን አልቀነሰም። ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ የተጠጣውን ያህል ቀነሰው፤ ምግቡ ገና አልተፈጨማ! ስለዚህ ምሳሽ 6 ሰዓት ተኩል ከሆነ ቡናውን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቀድመሽ ጠጪ፤ ራስ ምታቱንም ሳይከላከልልሽ አይቀርም። ካለፈሽ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ታገሺ። የብረት ኪኒን ከታዘዘልሽም በውሃ ዋጪው እንጂ ከቡና ጋር አይሁን።