ሱዶኩ የምትወዱ ተፈታኞች፣ «ምክንያቱም» ማለትን ልመዱበት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ፈተና ሲደርስ ከምትጠይቁኝ ነገሮች አንዱ «ሱዶኩ መጫወት ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜዬን ይበላል?» የሚለው ነው። ሁለቱም ይሆናል። ልዩነቱ አጨዋወታችሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከጨዋታው ብዙ አትጠብቁ። ሱዶኩ ፊዚክስም አልጀብራም አያስተምራችሁም። ቁጥሮቹ እንኳ የሚደመሩ ቁጥሮች አይደሉም፤ በዘጠኝ ፊደላት ብትተኳቸው ጨዋታው ያው ነው። የሚያስለምዳችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከተሰጣችሁ ነገር ተነስታችሁ፣ ሳትገምቱ፣ የግድ የሚሆነውን ማግኘት። በደንብ የተሠራ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ በግምት የሚሞላ ቦታ የለውም።

አንድ ረድፍ እንውሰድ። 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 7 እና 9 ተሞልተዋል፤ የቀሩት 3፣ 6 እና 8 ናቸው፤ ሦስት ባዶ ቤቶችም አሉ። የመጀመሪያው ባዶ ቤት ካለበት አምድ ላይ 3 እና 8 አስቀድመው ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ እዚያ የሚገባው 6 ብቻ ነው። ሁለተኛው ባዶ ቤት ያለበት ሳጥን ውስጥ 8 አለ። 6 ደግሞ አሁን ቦታውን ይዟል፤ ስለዚህ 3። ሌላ ሳጥን ውስጥ ላለው ለሦስተኛው 8 ይቀራል። እያንዳንዱን ስትጽፉ «6 ነው፣ ምክንያቱም...» ብላችሁ ዓረፍተ ነገሩን በድምፅ ጨርሱት። መጨረስ ካቃታችሁ ቁጥሩን አትጻፉት። ትርፉ እዚህ ጋ ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ለማንም ምንም አይጠቅምም።

መሄጃ ሲጠፋችሁ ጥያቄውን ገልብጡት። «እዚህ ቤት ውስጥ ምን ይገባል?» ስትሉ ከቆያችሁ፣ አሁን «5 እዚህ ሳጥን ውስጥ የት ይገባል?» በሉ። አራት ቁጥር ሊገባበት የሚችል የሚመስል ቤት፣ በሁለተኛው ጥያቄ ስትመጡበት 5 ከእሱ ሌላ መግቢያ እንደሌለው ታያላችሁ። ፈተና ላይም ከተሰጠው ወደ ፊት መሄድ ሲያቅት ከተጠየቀው ወደ ኋላ መምጣት የምንለው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚቆመው ሒሳቡን ስለማያውቅ ሳይሆን በአንድ በኩል ብቻ ስለሚገፋ ነው።

ገምቶ የሚሞላ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ? ስህተቱ ወዲያው አይታይም። ብዙ ቤቶች ሞልቶ፣ ሊጨርስ ሲል፣ አንድ ረድፍ ላይ ሁለት 4 ያገኛል። ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም፤ ያለው አማራጭ ሁሉን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ጊዜ የሚበላው አንዱ ነገር ይሄ ነው።

ሌላው ስልኩ ነው። ብዙዎቹ አፖች የተሳሳተ ቁጥር ስታስገቡ ወዲያው ቀይ ያደርጉባችኋል። ደስ ይላል፣ ግን ማሰቡን ይወስድባችኋል፤ ቀዩ እስኪጠፋ ድረስ 1 ሞክሮ፣ 2 ሞክሮ፣ 3 ሞክሮ መጨረስ ይቻላላ! ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስህተት ማሳያውን፣ ፍንጩንና በየቤቱ የሚሆኑትን ቁጥሮች ራሱ የሚሞላላችሁን ነገር አጥፉ። በየቀኑ ካልገባችሁ የሚወቅሳችሁን ኖቲፊኬሽንም እንዲሁ። ከተቻላችሁ ግን በወረቀትና በእርሳስ ሥሩት። ወረቀት ሲያልቅ ያልቃል፤ «አዲስ ጨዋታ» የሚል ቁልፍ የለውም።

ለመጠኑ እኔ የምመክረው በቀን አንድ ሱዶኩ፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ነው። ከጥናት በፊት አይሁን፤ ያልተፈታ ነገር ጭንቅላት ውስጥ ይቀርና መጽሐፉ ላይ ዓይናችሁ እንጂ ልባችሁ አይኖርም። ሰዓቱ ሲደርስ ባያልቅም አስቀምጡት፤ ነገ ከቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

አንድም ቦታ ሳትቆሙ፣ እጃችሁ ብቻ እየሠራ የምትጨርሱት ከሆነ ደግሞ ያ ደረጃ ለእናንተ ልምምድ መሆኑ አብቅቷል። ማረፊያ ነው፤ ማረፍም ክፉ አይደለም፣ ግን እንደ ጥናት አትቁጠሩት። አንድ ደረጃ ከፍ በሉ፣ ወይም ያንን 20 ደቂቃ ባለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ላይ አውሉትና የእያንዳንዱን ምርጫ ጥያቄ የተሳሳቱ መልሶች አንድ በአንድ «ይሄ አይሆንም፣ ምክንያቱም...» እያላችሁ ጣሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ፈተናው ሁለት ሳምንት ከቀረው እኔ የምመርጥላችሁ ይህን ሁለተኛውን ነው።