የተቃጠለ ማሽን ዋጋው ስንት ነው? ከጉዳት ገማች ጋር ስለ መከራከር ጥያቄና መልስ

እኔ መሐንዲስ ነኝ። መጀመሪያ ለመድን ድርጅቶች የማሽን ጉዳት እገምት ነበር፤ አሁን ጎንደር ተቀምጬ ግምቱ አነሰብን የሚሉ ባለንብረቶችን አግዛለሁ። የዛሬው ጥያቄ ሁሉ ስለ ማሽን ዋጋ ይሁን።

ከአዘዞ፣ የዘይት መጭመቂያ ባለቤት፦ በ2009 ዓ.ም. በ900,000 ብር የገዛሁት የሰሊጥ መጭመቂያ በ2017 ዓ.ም. በእሳት ሙሉ በሙሉ ወደመ። ገማቹ በየዓመቱ 10 በመቶ ቀንሶ 180,000 ብር ይገባሃል አለኝ። ዋስትና የገባሁት ለ1,300,000 ብር ነው። ምን ብዬ ልከራከር?

የቅናሹ መቶኛ ከፍተኛ ቢሆንም ትልቁ ስሕተት እርሱ አይደለም፤ ገማቹ የተነሣበት ዋጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 ካሣው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይወስናል። መለኪያው ያ ቀን ነው፤ የግዢው ቀን አይደለም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ማሽን ዋጋ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ አንድ አይደለም። የ2009 ደረሰኝ ስለ 2017 ገበያ የሚናገረው ነገር የለም።

ስለዚህ በቅድሚያ የመተኪያውን ዋጋ ያስረዱ። ከሦስት አስመጪዎች ፕሮፎርማ ይሰብስቡ፤ ነገር ግን በሰዓት የሚጨምቀው ኪሎ፣ የሞተሩ ጉልበትና የተሠራበት አገር ከወደመው ማሽን ጋር አንድ ይሁን። ብዙ ባለንብረት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ከፍ ያለ ማሽን ፕሮፎርማ ያመጣና ገማቹ ሦስቱንም በአንድ ቃል ይጥልበታል። ቀኑም አደጋው ከደረሰበት ጊዜ የራቀ እንዳይሆን። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማጓጓዣ፣ ማውረጃና መትከያ ማሽኑ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የሚወጣ ወጪ ስለሆነ አብሮ ይቆጠር።

ማሽኑ ዛሬ 2,400,000 ብር፣ ማጓጓዣና መትከያው 200,000 ብር ነው እንበል። ድምሩ 2,600,000 ይሆናል። ማሽኑ 20 ዓመት የሚያገለግል ከሆነ የ8 ዓመቱ ቅናሽ 40 በመቶ ነው፤ 1,560,000 ብር ይቀራል። ዋስትናዎ 1,300,000 ስለሆነ ከዚያ በላይ አይከፈልዎትም። ከዚያም ላይ የቅሪቱ ብረት ዋጋና በውልዎ የተጻፈው የራስዎ ድርሻ ይነሣል። ቢሆንም ከ180,000 ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከፒያሳ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፦ ይህ ሰው ማሽኑን በግብር መዝገቡ ላይ በየዓመቱ እያሳነሰ ሲያስመዘግብ ኖሯል። ለገቢዎች አርጅቷል ያለውን ማሽን ለመድን አላረጀም ማለት ይችላል? ገማቹ ልክ ይመስለኛል።

ግማሹን ልክ ነዎት፤ መዝገቡ ማስረጃ ነው። ማሽኑ መኖሩን፣ መቼ እንደተገዛና ምን ዓይነት ትልቅ ጥገና እንደተደረገለት ያሳያል። የግብሩ ቅናሽ ግን ግዢው በየዓመቱ ምን ያህል ወጪ ተብሎ እንዲያዝ የሚወስን ሥርዓት እንጂ የጥርሱንና የዘንጉን መበላት የሚለካ አይደለም። በመዝገብ ዜሮ የሆነ ማሽን በየቀኑ ዘይት ሲጨምቅ አይተው የለም? ለገማቹም ይህንኑ ይጠይቁት፦ ማሽኑ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቢቃጠል ኖሮ ዋጋው ዜሮ ነበር ሊል ነው?

ከማራኪ፣ የእንጨት ሥራ ድርጅት ባለቤት፦ የእኔ ማሽን በከፊል ነው የተቃጠለው፤ ጥገናው 480,000 ብር ነው። ገማቹ የማሽኑ ዋጋ 1,560,000 ነው ብሏል፣ ዋስትናዬ 1,300,000 ነው። እኔ ግን 1,820,000 እንደሚያወጣ የሚያሳይ ማስረጃ አለኝ። በዚህ ልሟገት?

ወንድሜ፣ በዚህ ብትሟገት ራስህን ትጎዳለህ። ዋስትናህ ከማሽኑ ዋጋ ካነሰ ከፊል ጉዳት የሚከፈለው በድርሻ ነው። በገማቹ ቁጥር ዋስትናህ የዋጋውን አምስት ስድስተኛ ይሸፍናል፤ ከ480,000 ውስጥ 400,000 ታገኛለህ። በአንተ ቁጥር ግን አምስት ሰባተኛ ይሆንና ወደ 343,000 ትወርዳለህ። ያለህን ማስረጃ ደብቅ፣ ስትጠየቅም ዋሽ አልልህም። ክርክርህ ግን ሌላ ቦታ ይሁን።

ገማቹ «አዲስ ዕቃ ስለገባልህ» ብሎ ከጥገናው ላይ ቅናሽ አድርጎ እንደሆነ ተመልከት። ቅናሹ ሲሠራ ለሚበላ ዕቃ፣ ለቀበቶ፣ ለኩሽኔታ፣ ለመቁረጫ ይገባዋል። የባለሙያ የእጅ ዋጋና ማጓጓዣ ግን አያረጁም። ጥቅል መቶኛ አድርጎ ከሁሉም ላይ ከቀነሰ በዕቃ በዕቃ ለይቶ እንዲጽፍልህ በደብዳቤ ጠይቅ። ብዙ ገማች ዘርዝሮ ለመጻፍ ሲቀመጥ ቅናሹ ራሱ ይወርዳል።

ከአራዳ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት፦ ልጄ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የወፍጮዬ ሞተር ውስጡ ተቃጠለ። የእሳት መድን አለኝ። ሦስት ፕሮፎርማ አመጣሁ፣ ዋጋውን ግን የሚያይልኝ አጣሁ።

እናቴ፣ ዋጋው ላይ ገና አልደረሱም። የእሳት መድን ውሎች አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ብልሽት ራሱ የተቃጠለውን ሞተር አይሸፍኑም፤ እሳቱ ከሞተሩ ወጥቶ ሌላ ንብረት ከያዘ ግን ያኛው ንብረት ይሸፈናል። ለብልሽት የተለየ የማሽን መድን አለ። ውልዎን ይዘው ይምጡ፣ አብረን እናነብበዋለን። እስከዚያ ለተጨማሪ ፕሮፎርማ አይድከሙ።

ከቀበሌ 18፣ ስሜ ይቅር፦ የተሰጠኝን ትንሽ ገንዘብ ለመውሰድ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ፈርም ተባልኩ። ልፈርም?

በዚያ ቃል አትፈርም። የማያከራክረውን ገንዘብ ከጠቅላላው ላይ የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ አድርገው እንዲሰጡህ በጽሑፍ ጠይቅ። የግምቱን ሪፖርት ቅጂና የእርጅናውን ስሌት ጠይቅ፤ ከዚያ የራስህን ባለሙያ አቁመህ ቅሪቱን ከገማቹ ጋር አብረው እንዲያዩት አድርግ። ቅሪቱ ሳይታይ እንዳይሸጥ! ካልተስማማችሁ ውልህ ስለ ግልግል ምን እንደሚል እይ፤ ለብሔራዊ ባንክም ማመልከት ትችላለህ። ደብዳቤ ስትጻጻፍ ጊዜው እንዳያልፍብህ ግን ተጠንቀቅ፤ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት የመድን ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል።

የአዘዞው ባለቤት በድጋሚ፦ ገማቹ ዛሬ በመተኪያ ዋጋው ተስማማ። ዕድሜው ግን 15 ዓመት ነው እንጂ 20 አይደለም አለ። እኔ ደግሞ የምሠራው ሰሊጥ ባለበት ወቅት ብቻ ነው፣ በዓመት ስድስት ወር።

እንኳን ደስ አለዎት፤ ዋናው ተራራ ታልፏል። በ15 ዓመት ቢሰላ 1,213,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ ከዋስትናዎ ጣሪያ የሚያንሰው በ87,000 ብቻ ነው። የስድስት ወሩ ክርክር እውነት አለው፤ የመብራት ደረሰኞችዎ በየወሩ የሠሩትን መጠን ስለሚያሳዩ ያቅርቧቸው። ግን ግማሽ ዓመት ስለቆመ ግማሽ ብቻ አረጀ አይባልም፤ የቆመ ብረትም ይዝጋል። እኔ 20 ዓመት እላለሁ፣ እርሱ 15 ይላል። የማሽኑን ዘንግ የቀየሩበትን ደረሰኝ ካገኙ ነገ ጠዋት ይላኩልኝ፣ አብረን እንሞክረዋለን።