ወርቅ ዋጋ ይጠብቃል፣ ግን በስንት ዓመት?

«ቁጠባዬን የዋጋ ንረት እንዳይበላብኝ ግማሹን ወርቅ ላድርገው?»

ግማሹ ይበዛል ወንድሜ። ወርቅ ዋጋ ይጠብቃል ሲባል በጣም ረጅም ዘመን ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1980 አንድ አውንስ ወደ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። ያኔ የገዛ ሰው ያንኑ ዋጋ መልሶ ያየው በ2008 ነው። 28 ዓመት! በዚያ መሃል የአሜሪካ የሸቀጦች ዋጋ ከ2 እጥፍ ተኩል በላይ ጨምሯል። ገንዘቡ ተመለሰ፣ የመግዛት አቅሙ ግን ከግማሽ በታች ሆነ። ወርቅ ደግሞ ወለድ አይከፍልም፤ ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት መጠበቁን የሚያካክስ ገቢ እንኳ አልነበረም።

ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። በ2008 የአሜሪካ አክሲዮኖች ከሲሶ በላይ ሲወድቁ ወርቅ ዓመቱን ትንሽ ከፍ ብሎ ጨረሰ። እርግጥ በመሃል እሱም ክፉኛ ወርዶ ነበር። ጥሬ ገንዘብ የቸገረው ሁሉ ያለውን ይሸጥ ነበርና።

እኔ ብሆን 10 በመቶ ይበቃኛል። የ90 ሺህ ብር አክሲዮን፣ የ10 ሺህ ብር ወርቅ አለህ እንበል። አክሲዮኑ ወደ 60 ሺህ ወርዶ ወርቁ ባለበት ቢቆይ፣ የወርቁ ድርሻ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያኔ ድርሻው ወደ 10 በመቶ እንዲመለስ የ3 ሺህ ብር ወርቅ ሸጠህ በረከሰው ዋጋ አክሲዮን ትገዛለህ።