ሁለቱም ነጭ ነበሩ

ባለፈው ሳምንት ከእኔ ጋር ልምምድ የሚሠራ ልጅ ኪኒን እየቆጠረ፣ ቀና ሳይል፣ "ጋሼ፣ ተሳስተው ያውቃሉ?" አለኝ። "ያልተሳሳተ ማን አለ" ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለሱ ያልመለስኩለትን ለእናንተ፣ ገና መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ለምትቆሙት፣ ልጻፈው።

አንድ ደንበኛ ነበሩኝ፤ አባባ እላቸዋለሁ። ሰባ አምስት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስኳርም አለባቸው፣ ልባቸው ደከም ስላለ እግራቸውም ያብጣል። ለስኳሩ ግሊቤንክላማይድ ባለ 5 ሚሊ ግራም ታዞላቸዋል፤ ግማሽ ፍሬ፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር። ለእብጠቱ ደግሞ ፉሮሴማይድ ባለ 40፣ አንድ ጠዋት አንድ ከሰዓት። ይሄኛው ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ነው።

ለወራት የስኳሩ ኪኒን ሮዝ ነበር። እኔም አመቺ ሆኖልኝ "ሮዟን ግማሽ፣ ነጯን ሁለት ጊዜ" ብዬ አስተማርኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጽሑፍ አያዩም፣ ቀለም ግን ይለያሉ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ወር ግሊቤንክላማይዱ ከሌላ አምራች መጣ። ነጭ ነው። መጠኑም ከፉሮሴማይዱ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። በሁለት ትንንሽ ፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው፣ አንዱ ላይ "½ × 1"፣ ሌላው ላይ "1 × 2" ብዬ። ገልበጥ አድርገው አዩና "ይሄ ደግሞ ነጭ ሆነ?" አሉኝ። "ያው ነው አባባ፣ መልኩ ብቻ ነው የተለወጠው" አልኳቸው። ከኋላቸው አምስት ሰው ተሰልፏል። ያልኩት እውነት ነው። ግን ያስተማርኳቸው መለያ እዚያው ባንኮኒው ላይ እንደሞተ አልነገርኳቸውም።

በስምንተኛው ቀን ባዶ ፖስታ ይዘው መጡ። "የሽንቱ አለቀብኝ" አሉ። ፖስታው የግሊቤንክላማይድ ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሰጠኋቸው 15 ፍሬ ነው፤ በቀን ግማሽ ከተወሰደ አንድ ወር ይበቃል። በስምንት ቀን ሊያልቅ የሚችለው በቀን ሁለት ሁለት ከተወሰደ ነው። ሂሳቡን አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። እኔ "የሽንቱ" ያሉት አፍ ስቷቸው ነው፣ ኪኒኑንም አፍስሰውት ይሆናል ብዬ ሌላ 15 ቆጠርኩላቸው።

አልፎም ተርፎ፣ እየወጡ እያለ "ድሮ ስወስደው ሽንት ያመላልሰኝ ነበር፣ አሁን ዝም ብሏል" አሉኝ። ፉሮሴማይድ ከተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽንት ቤት ያስኬዳል። ካላስኬደ አንድ ነገር አለ። እኔ ግን ሳቅ ብዬ "ሰውነትዎ ለምዶት ነው" አልኩ። ስንት ዓመት አለፈው፣ ያቺን ሳቅ እስካሁን አልወዳትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ነው ጎረቤታቸው ያገኘቻቸው። ልብስ ሰፊ ናት። ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሸሚዛቸው በላብ ርሶ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ሲያናግሯት ቃሉ ይምታታባቸዋል። እግራቸው ደግሞ ጫማ አልገባ እስኪል አብጧል። ስኳር እንዳለባቸው ስለምታውቅ፣ መዋጥም ይችሉ ስለነበር፣ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ትንሽ ቆይተው ነቃ አሉ። "ምን ወሰዱ?" አለቻቸው። ቆርቆሮ አመጡላት።

የመርፌ ቀዳዳ የሚያሳያትን መነጽር ከግንባሯ አወረደችና ሁለቱን ፖስታ አነበበች። "አባባ፣ በቀን ሁለቴ የሚወስዱት የትኛውን ነው?" አሳዩዋት። ያሳዩዋት ላይ ግማሽ ይላል። ሌላውን ፖስታ መዳፏ ላይ ስትገለብጠው፣ ከሙሉዎቹ ኪኒኖች መሐል አንድ ግማሽ ፍሬ ወጣ። መገመስ የሌለበት ፖስታ ውስጥ።

ሁለቱንም ፖስታ ይዛ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። ስኳሩን ካጠጣቻቸው በኋላ እንኳ የደማቸው ስኳር ሲለካ 52 ነበር። ከ70 ሲወርድ ነው ዝቅ አለ የምንለው። ግሉኮስ ተሰጣቸውና እዚያው አደሩ፤ ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ በተለይ ኩላሊቱ በደከመ ሽማግሌ ላይ፣ ስኳሩ ተስተካከለ ሲባል መልሶ ይወርዳል።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ከየፖስታው አንድ አንድ ፍሬ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አኖረችና "ወንድሜ፣ አንተስ ትለየዋለህ?" አለችኝ። አነሳሁ፣ ወደ ብርሃን ያዝኩ፣ ገለበጥኩ። ሁለቱም ላይ የመገመሻ መስመር አለ፤ የአንደኛው ጎላ ያለ፣ የሌላው የሳሳ። ለየሁት፣ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። እሷ እያየችኝ ነበር።

አባባ በኋላ እንደነገሩኝ ነገሩን አስበውበት ነበር። "የሚገመሰው መስመሩ የሚታየው መሆን አለበት ብዬ ነው" አሉኝ። ልክ አሳብ ነው። ግን ጎላ ያለው መስመር ያለው ፉሮሴማይዱ ላይ ነበር። ስለዚህ የስኳሩን መድኃኒት ከታዘዘው አራት እጥፍ፣ የሽንቱን ሩቡን ብቻ ሲወስዱ ከረሙ። ላቡ ከአንዱ፣ እብጠቱ ከሌላው። በቀን 10 ሚሊ ግራም ለሌላ ሰው ሊታዘዝ የሚችል መጠን ስለሆነ በአንድ ቀን አልጣላቸውም። ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ ከሰዓት ከሰዓት ሲያልባቸው ትንሽ ነገር ይቀምሱና ያልፍላቸዋል፣ እርጅና ነው ይላሉ።

ጽሑፉን አንብባችሁ ስጡ ምናምን አልላችሁም፣ ያን ታውቃላችሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ፖስታ ላይ ቁጥር ብቻ አልጽፍም። "ለስኳር፣ ጠዋት ግማሽ"፣ "ለእግር እብጠት፣ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ" እላለሁ፣ በትልቁ። መልኩ ከተለወጠ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አሳይቼ፣ "ነገ ጠዋት እንዴት እንደሚወስዱት አሁን ያሳዩኝ" እላለሁ። "ገባዎት?" ማለት አይሠራም፤ ሁሉም ገባኝ ይላል። ቀድሞ አለቀብኝ የሚልም ከመጣ ከመስጠቴ በፊት እቆጥራለሁ።

በቀለም አታስተምሩ ባይ ነኝ። ግን ልዋሽ አልችልም፣ ሰልፉ ሲረዝም እስካሁን "ቢጫዋን ማታ" ሲያመልጠኝ ራሴን እይዛለሁ። እናንተ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ከማፍጠጥ ብዛት የሰው ፊት አታዩም እያልኩ ሳማርር ነበር። በቀደም ያ የልምምድ ልጅ የአንዲት እናት ፖስታ ፎቶ አንስቶ፣ አጉልቶ፣ በራሳቸው ስልክ አስቀመጠላቸው። ዝም አልኩ።

አባባ ከወር በኋላ ተመለሱ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "ዓይኔ ነው ልጄ፣ አንተ ምን አጠፋህ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ፖስታዎቹን ከኪሳቸው አወጡ። ልብስ ሰፊዋ የአንዱን ጫፍ በወፍራም ክር ደርባ ደርባ ሰፍታዋለች፣ ጉብ ብሎ በእጅ ይዳሰሳል።

"ይሄ የቱ ነው አባባ?" አልኳቸው።

ወደ ፖስታው አላዩም። እኔን እያዩ ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና "ስኳሩ። ግማሽ። ጠዋት" አሉ።