አቶሞቹ «አሉት» ወይስ «ይደርሰዋል»?

ጥያቄ፦ የመዳብ ዩኒት ሴል ሥዕል ላይ 14 አቶሞች ቆጠርን። መጽሐፉ «ሴሉ 4 አቶሞች አሉት» ይላል። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው ወይስ አማርኛው?

መልስ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ያሳሳታችሁ «አሉት» ነው። «አለው» የጋራንም የግልንም ይሸፍናል። ከጎረቤት ጋር የምንጋራው ግድግዳም ቢሆን «ቤቱ አራት ግድግዳ አለው» ከማለት አያግደንም። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ለሚታየው «14 አሉት» ማለት ያስኬዳል፤ ለድርሻው ግን «ለሴሉ 4 ይደርሰዋል» በሉ።

ክፍፍሉ እንዲህ ነው። በማዕዘን ላይ ያለውን አቶም 8 ሴሎች ይካፈሉታል፤ ስምንቱ ማዕዘኖች አንድ ላይ ለሴሉ 1 አቶም ያስገኙለታል። በገጽ መሐል ያለውን ሁለት ሴሎች ብቻ ስለሚካፈሉት ከስድስቱ ገጾች 3 ይደርሰዋል። ድምሩ 4 ነው።

በይዘት ስሌት ማረጋገጥ ይቻላል። የአቶሙን ራዲየስ 1 እንበል። አቶሞቹ የሚነካኩት በገጹ ሰያፍ ላይ ስለሆነ ሰያፉ 4፣ የኪዩቡ ጎን 2.83፣ ይዘቱም 22.6 ይሆናል። የአንዱ አቶም ይዘት 4.19 ነው። በ4 ሲባዛ 16.8 ይመጣል፤ ይህም የሴሉ 74 በመቶ ነው፤ ፓኪንግ ፍራክሽን 0.74 የሚባለው ይኸው ነው። በ14 ብታባዙት ግን 58.6 ይሆንና አቶሞቹ ከሴሉ ይበልጣሉ! ከ1 የበለጠ ውጤት ካገኛችሁ የጋራውን እንደ ግል ቆጥራችኋል ማለት ነው።

መሐሉ ላይ አቶም ያለው ኪዩብ፣ ለምሳሌ የብረት፣ ቀላል ነው፤ ከማዕዘኖቹ 1፣ ከመሐሉ ሙሉ 1፣ በጠቅላላው 2 ይደርሰዋል። እዚህ የሚነካኩት በኪዩቡ የውስጥ ሰያፍ ላይ ስለሆነ የሚያዘው ይዘት ወደ 0.68 ይወርዳል።

ኮኦርዲኔሽን ቁጥር ሲመጣ ግን «ይደርሰዋል»ን ተዉት። ጥያቄው «ስንቶቹ ይነኩታል?» ነው፤ የሚነካ አቶም ደግሞ ሙሉ ይቆጠራል እንጂ አይከፋፈልም። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። በመዳብ ሥዕል ላይ የማዕዘኑን አቶም የሚነኩት 3 የገጽ አቶሞች ብቻ ይመስላሉ፤ ሴሎቹን በዙሪያው ስትደረድሩ ግን እርስ በርስ ቀጥ ብለው በሚቋረጡት ሦስት ጠለሎች ላይ አራት አራት፣ በድምሩ 12 ይሆናሉ። በብረት ውስጥ 8 ናቸው።

ባለስድስት ጎኑ እሽግ ሥዕሉ 17 አቶሞች ሲኖሩት የሚደርሰው 6 ነው፤ 12ቱ ማዕዘኖች አንድ ስድስተኛ አንድ ስድስተኛ እያዋጡ 2፣ የላይና የታች ገጾች 1፣ መካከለኛው ንብር 3። ይዘቱ እንደ መዳብ 0.74፣ የሚነካካውም 12 የሚሆነው ግን ቁመቱ ለጎኑ 1.633 እጥፍ ሲሆን ነው። ማግኒዥየም ለዚህ ይቀርባል። ዚንክ ግን ወደ 1.86 ስለሚረዝም በራሱ ንብር ያሉት 6ቱ ሲነኩት፣ ከላይና ከታች ያሉት 6ቱ ትንሽ ይርቃሉ። ስለ ዚንክ ስትጽፉ «12 ይነኩታል» ሳይሆን «12 ይጎራበቱታል» በሉ።