የሌሊት ወፍ ድምፅ ለመቅረጽ መሣሪያ ከመግዛትህ በፊት

«ለመመረቂያ ጽሑፌ የሌሊት ወፎችን ድምፅ ልቀርጽ ነው። ስልኬ ይበቃኛል? አማካሪዬ አሠራሩ ከዶልፊን ሶናር ጋር አንድ ነው ብለውኛል፤ እንደዚያው ልጻፍ?»

1. ወንድሜ፣ ስልኩን ተወው። በሰከንድ 48,000 ናሙና የሚወስድ መሣሪያ ከ24 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ መያዝ አይችልም፤ ነፍሳት አዳኝ የሌሊት ወፎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኹት ከዚያ በላይ ነው። መቅረጫው ብቻውን ጥሩ መሆኑም አይበቃም። ለእኔ የሸጠልኝ ነጋዴ «ለባለሙያ የተሠራ ነው» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ግን ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ደንቆሮ ነው። ልመልስለት ብል «ካርቶኑ ተከፍቷል» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አንተ እዚያው ሱቁ ውስጥ የቁልፍ ዘለላ ከማይክሮፎኑ ፊት አንቃጭልና የድምፁን ሥዕል በኮምፒውተር እይ። ጭረቶቹ 20 ላይ በቢላዋ እንደተቆረጡ ካቆሙ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።

2. «አንድ ነው» ብለህ አትጻፍ። ሁለቱም ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን ያዳምጣሉ፤ አማካሪህ እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። የእኔም አማካሪ ይህን ክፍል በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውት ነበር፤ የቀረጽኩትን አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ ነው ያስመለስኩት። ያሳየኋቸው ይህን ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ሜትር ርቃ ካለች የእሳት ራት ማሚቶው የሚመለሰው ከ6 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። የሌሊት ወፏ ከማንቁርቷ የምታወጣው ጩኸት 5 ሚሊሰከንድ የሚረዝም ከሆነ፣ ከ85 ሴንቲሜትር ስትቀርብ ጩኸቱ ሳያልቅ ማሚቶው ይደርስባታል። ስለዚህ እየቀረበች ስትሄድ ጩኸቷን ታሳጥራለች፣ ታፈጥናለች፤ መጨረሻው ላይ በሰከንድ ከ100 በላይ ይሆንና ሥዕሉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይደረደራል።

ዶልፊን ይህ ጣጣ የለበትም። የሚልከው የድምፅ ምት ከመተንፈሻ ቀዳዳው በታች ባለው የአፍንጫ ቧንቧ ውስጥ ይፈጠራል፣ በግንባሩ ስብ ተሰብስቦ ይወጣል፤ ርዝመቱ ከሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ያነሰ ነው። ውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ከአንድ ሜትር የሚመጣው ማሚቶ በ1.3 ሚሊሰከንድ ይመለሳል፤ ምቱ ግን ቀድሞ አልቋል። ማሚቶውን በታችኛው መንጋጋው ተቀብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው ቀጣዩን የሚልከው። ሌላም አለ። የዓሣ ሥጋ ለድምፅ ከውሃ ብዙም ስለማይለይ ሞገዱ ዘልቆ ይገባል፤ አጥብቆ የሚመልሰው በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። ከእሳት ራቷ ግን ድምፁ ከላይ ነጥሮ ይመለሳል።

ዋሻህ ውስጥ ፍሬ በሎቹ የግብፅ የሌሊት ወፎች ካሉ ተጠንቀቅ፤ እኛም አገር አሉ። እነዚህ በማንቁርት ሳይሆን በምላሳቸው ነው የሚያንቋቁት፤ ምቱ በጣም አጭር ስለሆነ ሥዕሉ ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን ጭረት ሆኖ ይወጣል፣ ለዶልፊንም የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ከፊሉ በባዶ ጆሮ ስለሚሰማ መቅረጫውን ከመክፈትህ በፊት ዝም ብለህ አዳምጥ፤ ከነፍሳት አዳኞቹ ጋር ቀላቅለህ እንዳትቆጥራቸው።